ውሃ አልረጋ ሲል
በቆላማዋ ሳንጃ ቀትር ላይ ጤነኛውም ሰው ውሃ ከእጁ አይለይም። ውሃው ሆዷ ውስጥ የማይረጋላት ነፍሰ ጡርስ?

የተለመደው የእርግዝና ማቅለሽለሽ ያስቸግራል እንጂ ምግብና ውሃ ጨርሶ አይከለክልም፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4ኛው ወር ይለቃል። ከባዱ ግን ያከሳል። 60 ኪሎ የነበረች ሴት 57 ከገባች ከክብደቷ 5 በመቶ ሄዷል ማለት ነው። ሽንቷ ይቀንሳል፣ ይጠቁራል፤ ምላሷ ይደርቃል፤ ብድግ ስትል ያዞራታል። ያን ጊዜ «የእርግዝና ነው፣ ይለቅሻል» ማለት አይሠራም። በቆላ ደግሞ ወባም ያስመልሳልና ደሟ መመርመር አለበት።

ሕክምናው ከቀላሉ ይጀምራል፦ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት፣ ዝንጅብል መሞከር። ቀጥሎ ቫይታሚን ቢ6 ይታዘዛል፤ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም፣ በቀን 3 ጊዜ። ካልበቃ ሐኪሙ እንደ ሜቶክሎፕራማይድ ያለ ማስመለስን የሚያስታግስ መድኃኒት ይጨምራል።

ውሃም አልረጋ ካለ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል። ሰው ሁሉንም «ግሉኮስ» ይበለው እንጂ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ጨው ያለበት ነው። ለሳምንታት ሳትበላ የቆየች ሴት ቫይታሚን ቢ1 ሳታገኝ ስኳር ያለበት ፈሳሽ ብትወስድ አንጎሏ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ቢ1 ይቀድማል።