መልስን ማየት መቼ ይጠቅማል?



ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ስለዚህ እኛም በዲላ የልምምድ ጥያቄ ከነመልሱ ይዘን እንቀመጣለን። ይህ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን መልሱን አስቀድሞ ያየ ሰው ሲያየው ይለየዋል እንጂ ከራሱ አያወጣውም።

እንግዲህ 20 ጥያቄ መልሱን ሸፍናችሁ ሥሩ፤ በየአንዳንዱም አጠገብ «እርግጠኛ» ወይም «ግምት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ አርሙ። 14 አግኝታችሁ 5ቱ ግምት ቢሆኑ፥ በርግጥ የምታውቁት 9 ነው፤ ይኸውም ከግማሽ በታች። «እርግጠኛ» ብላችሁ የሳታችሁትን ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ አጥኑ፤ ስሕተትን እንደ እውቀት ይዛችኋልና።

በፈተና አዳራሽ የተፈቀደው ማረም የራስን ሥራ መልሶ ማየት ብቻ ነው። የሌላ መልስ ከገባ ውጤቱ የማንን እውቀት እንደሚለካ አይታወቅም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተዛወረው በስርቆትና በኩረጃ ምክንያት ነበር፤ በዚያም ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኑ።