በመዳሰስ ስለሚፈታ የእንቆቅልሽ ጨዋታ
ለመንደር ተማሪ ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰጠ ንግግር



ዓይነ ሥውር የሆነውን ልጅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዓይነ ደካማው ልጅ ግን መንገዱን ይዞ ስለሚሄድ ሕመሙ አይታወቅለትም፤ በጥቁር ሰሌዳ የተጻፈውን ሳያነብ ሲቀር ሰነፍ ይባላል፥ ኳሱም ስለሚያመልጠው በጨዋታ ጊዜ ከዳር ይቆማል። ስለዚህ ዓይኑ ጤነኛ የሆነው ልጅ እንኳ ሳያይ የሚጫወተው ጨዋታ ቢዘጋጅ፥ ሁለቱ እኩል ሆነው ይገናኛሉ።

የጨዋታው መሣሪያ ጥቂት ነው። ከአቡጀዴ የተሰፉ፥ የልጅ እጅ እስከ አንጓው የሚያስገቡ አምስት ከረጢቶች ይበቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱ ብቻ ይወጣሉ፤ በአንዱ ባቄላ፥ በአንዱ ጤፍ፥ በአንዱ ጥጥ ይጨመራል፤ እነዚህ እጅግ የተራራቁ ናቸውና። ልጆቹ ሲለምዱ ሽምብራና አተር ይጨመራሉ። በርበሬ ግን ከቶ አይገባም፤ በእጃቸው ዓይናቸውን ያሻሉና። እህልን ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ ለሚከቱ ሕፃናትም የከረጢቱ አፍ ተሰፍቶ ከውጭ ይዳሰስ።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ባለተራው እጁን ከከረጢቱ አግብቶ «እንቆቅልህ» ይላል፤ እነርሱም «ምን አውቅልህ» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ በጣቱ ያገኘውን ብቻ ይናገራል፤ ለምን እንደሚበላ ወይም ምን እንደሚመስል መናገር አይፈቀድለትም። ጓደኞቹ ከቃሉ ተነሥተው ስሙን ያወጣሉ፤ ቢያቅታቸው «አገር ስጡኝ» ይላቸዋል። ስለዚህ ዓይኑ የሚያየውም ልጅ የሚታመነው በተነገረው ቃል ነው።

ብዙ ሰው ዓይነ ደካማ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ብልህ ጣት ያለው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ የጣት ዕውቀት በልምምድ የሚገኝ ነው። በ1987 በፈረንጆች አቆጣጠር ሱዛን ሌደርማንና ሮቤርታ ክላትስኪ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የሰው እጅ አንድን ነገር ለማወቅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ጽፈዋል። ሻካራነቱንና ልስላሴውን ለማወቅ እጅ ይዳብሳል፤ ጥንካሬውን ለማወቅ ይጫናል፤ ቅርጹን ለማወቅ ዳር ዳሩን ይከተላል። ስለዚህ መምህሩ ልጁ ሲሳሳት መልሱን ከመንገር ይልቅ እጁ ያልሠራውን ይመልከት።

ለምሳሌ አንድ ዓይነ ደካማ ልጅ ሽምብራ ይዞ «ትንሽ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ክብ ነው» ቢል፥ ጓደኞቹ «አተር» ይላሉ። ስሕተቱ የእነርሱ አይደለም፤ እርሱ በመዳፉ ጨብጦ ጥንካሬውን ብቻ አውቋልና። መምህሩ «አንዲቱን ፍሬ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል ቀስ ብለህ አንከባልላት» ይበለው። ያን ጊዜ የሽምብራን ሹል አፍንጫና የቆዳዋን ጎርበጥባጣነት ያገኛል፤ አተር ግን እንደ ጠጠር ዶቃ ልሙጥ ሆኖ ይንከባለላል። ልጁ «አፍንጫ አላት» ባለ ጊዜ ክቡ ሁሉ «ሽምብራ» ብሎ ይጮኻል።

በዚህ ጨዋታ ዓይንን በጨርቅ ማሰር አይገባም። አንድ ጨርቅ ከዓይን ወደ ዓይን ሲተላለፍ ትራኮማን ያዛምታል፤ የዚህ በሽታ ተሕዋስ ከታመመ ዓይን በሚወጣው ፈሳሽ፥ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ይሄዳልና። ዳግመኛም ጥቂት ብርሃን ለቀረለት ልጅ ያንኑ መንጠቅ ያስፈራዋል። ከረጢቱ እህሉን ስለሚሰውር ሌላ መጋረጃ አያሻም።

መልሱ ከታወቀ በኋላ ፍሬው ወጥቶ ለሁሉ ይታያል። ነጣ ያለው ባቄላ በጥቁር ጨርቅ ላይ፥ ጥቁር ጤፍም በነጭ ጨርቅ ላይ ቢቀመጥ ዓይነ ደካማው በቀረለት ብርሃን ይለየዋል። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቢያይ አይከልከል፤ ማስጠጋት ዓይንን አይጎዳም።

መምህሩ ግን በዚህች ሰዓት ነቅቶ ይመልከት። በጣቱ ሽምብራን ከአተር የለየ ልጅ፥ ፍሬውን ለማየት እስከ አፍንጫው ቢያስጠጋው ወይም ራሱን አዘንብሎ ቢያይ፥ ሰሌዳውን ያላነበበው ከስንፍና እንዳይሆን ያስጠረጥራል። ጨዋታው የዓይን መመርመሪያ ስላልሆነ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ አይናገርም። ስለዚህ ልጁ በማግሥቱ ከሰሌዳው አጠገብ ይቀመጥ፤ ሽማግሎችም ወላጆቹን መክረው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ያድርጉ። አንዳንዱ የዓይን ድካም በመነጽር ብቻ የሚቃና ነውና፥ ሰነፍ ሲባል የኖረው ልጅ ሰሌዳውን የሚያነብበት ቀን ከአንዲት የሽምብራ ፍሬ ሊጀምር ይችላል።