ሽያጩ ተሰርዞ የሚቀረው ልዩነት

የአዲስ አበባ ፋብሪካ በ700 ሺህ ብር ያመረተውን ዕቃ ጂቡቲ ላለው ተቀጥላ ኩባንያው በ1 ሚሊዮን ብር ሸጠ እንበል፤ ክፍያው በዶላር፣ በዱቤ ነው። ሂሳባቸው ሲጠቃለል ሽያጩ ይሰረዛል፣ ዕዳና ተሰብሳቢውም ይጣፋሉ። ዓመቱ ሲዘጋ ግማሹ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ካለ ደግሞ፣ ለውጭ ገዢ ገና ያልተሸጠበት የ150 ሺህ ብር ትርፍ ከክምችቱ ዋጋ ይቀነሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይሄ ነው።

«እንግዲያው የምንዛሪ ልዩነቱም ይሰረዝ» የሚል አይጠፋም። ሙግቱ ያሳምናል፤ ግን አያስኬድም። የጂቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን ስለተቆራኘ ተቀጥላው ልዩነት አይመዘግብም፤ ብር ሲዳከም ግን ፋብሪካው በዶላር ተሰብሳቢው ላይ ትርፍ ይመዘግባል። የሚያጣፋው ተቃራኒ ሂሳብ የለም። ስለዚህ አይኤኤስ 21 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ትርፉ በጥቅል ሂሳቡ እንዲቆይ ያዛል፤ ቡድኑ በእርግጥ ለምንዛሪ ለውጥ ተጋልጧልና።