ሳይጻፍ የቆየ ቅሬታ፣ በአንድ ቀን የተጻፈ ክስ
የሠራተኛን የአፈጻጸም ማነስ በፍትሕ ስለ መመዝገብ

(በጎንደር ከተማ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በብዙዎቻችን ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ የሚደርስ ነው። አንድ ሠራተኛ ሥራው ይዳከማል። የቅርብ ኃላፊው ያዝናል፤ ነገር ግን ይሉኝታ ይይዘዋልና ዝም ይላል። ሠራተኛው የአንዱ አባል ዘመድ፣ የሌላው የክርስትና ልጅ ሊሆን ይችላል። በዓመቱ መጨረሻ የምዘና ቅጽ ሲሞላ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከመቶ 90 ይሰጠዋል። ከስድስት ወር በኋላ ትዕግሥት ሲያልቅ ግን በአንድ ምሽት ረጅም የጥፋት ዝርዝር ይጻፍና «ለሥራው ብቁ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ይወጣል። ያ ሠራተኛ ደብዳቤውንና የምዘና ቅጹን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያቀርብ የምንመልሰው አይኖረንም። ይህ የሚሆነው ቅሬታችን ሐሰት ስለ ሆነ አይደለም፤ በጊዜው አልጻፍነውም፣ ለባለቤቱም አልነገርነውም።

አስቀድመን አንድ ወሰን እናኑር። የምንናገረው በደመወዝ ስለ ተቀጠሩ ሠራተኞች፣ ማለትም ስለ መስክ ሠራተኞች፣ ስለ ሒሳብ ሠራተኞች፣ ስለ ንብረት ጠባቂዎችና ስለመሳሰሉት ነው። የካህናትና የዲያቆናት መንፈሳዊ አገልግሎት የራሱ ሥርዓት አለውና ከዚህ ጋር አንቀላቅለውም። እንዲሁም የአፈጻጸም ማነስና ጥፋት የተለያዩ ናቸው። ያልሄደበትን ቦታ «ሄጃለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው የሐሰት ሪፖርት አቅርቧልና ጉዳዩ በዲሲፕሊን መንገድ ይታያል። እየሞከረ ያልሆነለት ሰው ግን መታገዝና መለካት ይገባዋል። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ የሚጽፍ ኃላፊ ሁለቱንም ማስረዳት ይሳነዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ምሳሌው ለትምህርት ያዘጋጀነው ነው፤ ቀኖቹና ቁጥሮቹም አካሄዱን ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው። በዳባትና በደባርቅ ደጋማ ቀበሌዎች የጎለበቱ ምንጮችን የሚከታተል አንድ የመስክ ሠራተኛ አለ እንበል። ሥራው በየወሩ 10 የውኃ ነጥቦችን መጎብኘት፣ በእያንዳንዱ ላይ ቅጽ ሞልቶ የውኃ ኮሚቴውን ሊቀ መንበር ማስፈረም፣ የወሩንም ሪፖርት በተከታዩ ወር እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ጎንደር ለሚገኘው ጽሕፈት ቤት ማድረስ ነው። አስተባባሪው ለኮሚቴው የጻፈው የመጀመሪያ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛው ሁልጊዜ ሪፖርት ያዘገያል፤ ለሥራው ፍላጎት የለውም፤ ቀበሌዎቹም ያማርራሉ ተብሏል።»

ይህ ጽሑፍ ሦስት ጉድለቶች አሉበት። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ቀን የለውም። «ፍላጎት የለውም» የሚለው የሰውን ልብ መፍረድ ነው፤ እኛ ልናይ የምንችለው ሥራውን ብቻ ነው። «ተብሏል» የሚለውም ማን፣ መቼ እንዳለው አያሳይም። ኮሚቴው ማስታወሻውን መልሶ ለአስተባባሪው ሰጠውና ከመዝገብ፣ ከቅጾችና ከሪፖርት መቀበያ ደብተር እንዲያወጣ አዘዘው። ሁለተኛው ጽሑፍ ይህን መሰለ፦

የጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሥራ፦ ከ10 የውኃ ነጥቦች 6ቱ ተጎብኝተዋል። ሪፖርቱ ኅዳር 5 መድረስ ሲገባው ኅዳር 14 ደረሰ። አስተባባሪው ኅዳር 15 ለብቻው በቃል አነጋግሮታል።

የኅዳር ሥራ፦ 7ቱ ተጎብኝተዋል፤ ከእነዚህ 2 ቅጾች የኮሚቴ ፊርማ የላቸውም። ሪፖርቱ ታኅሣሥ 13 ደረሰ። በዚሁ ወር በአንድ ቀበሌ በውኃ ተራ የተጣሉ ሁለት ጎጦችን አስማምቷል።

የታኅሣሥ ሥራ፦ 5ቱ ተጎብኝተዋል። ሪፖርቱ ጥር 16 ደረሰ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም የስድብ ቃል የለም። በጎ ሥራውም ተጽፏል፤ ምክንያቱም ጉድለትን ብቻ የሚለቅም መዝገብ ሚዛኑን ያጣል። የኅዳር 15ቱ ንግግርም መመዝገቡ ታላቅ ጥቅም አለው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የምናውቀው ቅደም ተከተል፣ አስቀድሞ ለብቻ መነጋገር ከዚያም በምስክር ፊት መቅረብ፣ ለጽሕፈት ቤትም የሚበጅ ነው። ሠራተኛው ጉድለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በጉባኤ ፊት ከሆነ መከላከል እንጂ ማሻሻል አይታሰበውም።

ቀጥሎ የመጣው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የምንዘለው ነው። ጥር 20 የጽሑፉ ቅጂ ለሠራተኛው ተሰጠ፤ አንብቦ እንዲዘጋጅም አራት ቀን ተሰጠው። ጥር 24 አስተባባሪው «እርስዎ ሥራውን በመስክ ላይ ያዩታልና ያልተሟላው ለምን እንዳልተሟላ ይንገሩን፤ የተሳሳተ ቀን ካለም እናርማለን» ሲል ውይይቱን ጀመረ። ሠራተኛው አራት ነገሮችን ተናገረ። የታኅሣሥ የጉዞ ገንዘብ የተለቀቀለት ታኅሣሥ 24 ነው። በኅዳር ለአራት ቀን ትራንስፖርት ስለ ቆመ ወደ ሁለት ቦታዎች መድረስ አልቻለም። ፊርማ የጎደለባቸው ቅጾች ሰብል በሚሰበሰብበት ሳምንት የተሞሉ በመሆናቸው ሊቀ መናብርቱ አውድማ ላይ ነበሩ። ሪፖርቱ የሚዘገየው ደግሞ አዲሱን የማጠቃለያ ሠንጠረዥ መሙላት ማንም ስላላሳየው ነው።

ኮሚቴው ቃሉን በቃሉ አልተቀበለም፣ አልጣለምም፤ አጣራ። የሒሳብ ሰነዱ ገንዘቡ በጥቅምት 3፣ በኅዳር 2፣ በታኅሣሥ ግን በ24 እንደ ወጣ አሳየ። በአጎራባች ቀበሌዎች የሚሠራው ባልደረባው ሪፖርትም የኅዳሩን የትራንስፖርት መቋረጥ አረጋገጠ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የመንገድና የኢንተርኔት መቋረጥ ሥራን እንዴት እንዳወከ ሁላችን እናውቃለን፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ምክንያት በቀን ተለይቶ ሊመረመር ይገባዋል። «መንገድ ተዘግቶ ነበር» የሚለው ቃል የወሩን ሥራ በሙሉ አያነሣም፤ የተዘጋባቸውን ቀናት ግን ያነሣል።

ከማጣራቱ በኋላ መዝገቡ ጠበበ። የታኅሣሥ አምስት ያልተጎበኙ ቦታዎች ከሠራተኛው ላይ ተነሥተው የጽሕፈት ቤቱ ጉድለት ሆነው ተጻፉ። ከኅዳሩም ሁለቱ ተነሡ። በሠራተኛው ላይ የቀረው የጥቅምት አራት ጉብኝት፣ የኅዳር አንድ ጉብኝት፣ ሁለት ያልተፈረሙ ቅጾችና የሦስቱ ወራት ሪፖርት መዘግየት ነው። የመዘግየቱም ምንጭ የሥልጠና እጥረት መሆኑ ታወቀ። ይህ ከመጀመሪያው ማስታወሻ ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ማንም ሊያፈርሰው አይችልም።

በዚህ መሠረት ጥር 28 የሥራ ማሻሻያ ዕቅድ ተፈረመ፤ ዘመኑም ከየካቲት 1 እስከ ሚያዝያ 30 ሆነ። ግቦቹ ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛ፣ በየካቲት 8፣ በመጋቢት 9፣ በሚያዝያም 9 የውኃ ነጥቦች ይጎበኛሉ። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለሚውልና ሰሙነ ሕማማት ስላለ የሚያዝያው ግብ ወደ 10 ከፍ አላለም። ሁለተኛ፣ ሪፖርቱ እስከ 5ኛው ቀን ይደርሳል፤ ትራንስፖርት ከጠፋ ቅጾቹ በስልክ ፎቶ ተነሥተው ይላካሉ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ቅጽ ይፈረማል። ለዚህ መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ሠራተኛው ነው፤ ሊቀ መናብርቱ በወር በዓል ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ስለሚገኙ በ12ና በ21 ቀን ሊያስፈርማቸው ሐሳብ አቀረበ። ከላይ የተጫነ ግብ ቢሆን ኖሮ ይህን ዘዴ ማንም ባላሰበው ነበር።

ጽሕፈት ቤቱም በዚያው ወረቀት ላይ ግዴታ ገባ፤ የጉዞ ገንዘብ በወሩ እስከ 3ኛው ቀን ይለቀቃል፣ የሁለት ቀን የሠንጠረዥ ሥልጠና ይሰጣል፣ አስተባባሪውም በየወሩ አንድ ጊዜ አብሮ ይወጣል። ጽሕፈት ቤቱ ግዴታውን ያልፈጸመበት ወር በሠራተኛው ላይ እንደማይቆጠር ተጻፈ። ፊርማውን በተመለከተ፣ ሠራተኛው ቀደም ሲል በተሰጠው የጉድለት ጽሑፍ ላይ የፈረመው «ደርሶኛል» በሚል ነው፤ «አምኛለሁ» ብሎ እንዲፈርም አልተገደደም። አልፈርምም የሚል ቢያጋጥም ሁለት ምስክሮች መሰጠቱን ጽፈው ይፈርማሉ እንጂ ክርክር አይከፈትም።

ውጤቱ የተገመገመው በተባለው ቀን ነው። የየካቲት ጉብኝት 8 ሞላ፣ ሪፖርቱ ግን መጋቢት 7 ደረሰ፤ ይኸው ተጻፈ፣ በዚያው ሳምንት ተነገረው። የመጋቢትና የሚያዝያ ሥራ በሁሉም ግብ ተሟላ። ዕቅዱም «ተሟልቶ ተዘግቷል» በሚል ደብዳቤ ተደመደመ። ይህን ደብዳቤ አትርሱ፤ ሳይዘጋ የቀረ ዕቅድ በሠራተኛው አንገት ላይ እንደ ተንጠለጠለ ይኖራል።

ግቦቹ ባይሟሉስ ኖሮ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 የሥራ ችሎታ መቀነስን በማስጠንቀቂያ ውል ለማቋረጥ እንደ ምክንያት ያስቀምጣል፤ ነገር ግን፣ በኅብረት ስምምነት በሌላ መንገድ ካልተወሰነ በቀር፣ ይህ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት። የተዘጋጀውን ሥልጠና እምቢ ማለት ወይም ሠልጥኖም ክህሎቱን አለማግኘት በዚሁ አንቀጽ ተጠቅሷል። ስለዚህ የምዘና ቅጹ፣ የሥልጠናው ሰነድና የዕቅዱ ውጤት እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። ለሁሉም በይሉኝታ 90 የሚሰጥ ኮሚቴ ይህን ማስረጃ አስቀድሞ በእጁ ያፈርሳል። የማስጠንቀቂያው ጊዜም እንደ አገልግሎት ዘመን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ስለሚለያይ ከመወሰናችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ያለፈውን ዛሬ ጽፎ የትናንት ቀን መስጠት ፈጽሞ አይገባም። የስድስት ወር ማስታወሻ በአንድ ብዕር፣ በአንድ የእጅ አጻጻፍ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ ተጽፎ ሲገኝ ያነበበው ሁሉ ያውቀዋል፤ እውነተኛው ክፍል እንኳ ከሐሰቱ ጋር ይወድቃል። ያለፈው ካልተመዘገበ «ቀደም ሲል አልተመዘገበም» ብላችሁ ከዛሬው ቀን ጀምሩ። ሠራተኛውን ለመለካት የሚያስፈልገው ተራ የመስመር ደብተር ነው፤ በአንዱ ዓምድ ቀኑ፣ በሁለተኛው የታየው ሥራ፣ በሦስተኛው ማስረጃው ያለበት ቦታ፣ በአራተኛውም ለሠራተኛው የተነገረበት ቀን ይጻፍ። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ዝም ያልነው እኛ ነንና ያ መስመር በሠራተኛው ላይ አይቆጠር።