«ድሃ አገር» የሚለውን መስመር ማን አሰመረው?

(ጾሬ ላይ በነበረን የወጣቶች ውይይት ያቀረብኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ይለቀቅ ስላላችሁ እነሆ።)



ሰሞኑን ስልካችን ላይ ሁለት ዓይነት ፖስት ይዞራል። አንዱ «ኢትዮጵያ ከዓለም ድሃ አገሮች ተመደበች» ይላል፣ ሌላው «መካከለኛ ገቢ ልንገባ ነው» ይላል። ሼር ከማድረጋችን በፊት ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

መጀመሪያ፣ ዝርዝሩ አንድ አይደለም። «ያደገ» እና «በማደግ ላይ ያለ» የሚለው ድሮም ጥርት ያለ መለኪያ አልነበረውም። በዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ አንድ አገር «በማደግ ላይ ነኝ» የሚለው ራሱ ነው። የዓለም ባንክም ይህን አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ2016 ከመረጃ መጽሐፉ አውጥቶታል። ኢትዮጵያንና ሜክሲኮን አንድ ከረጢት ውስጥ የሚከት ስም ምን ይነግረናል?

ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት «በጣም ዝቅተኛ ዕድገት ያላቸው አገሮች» ዝርዝር ነው። እኛ ዝርዝሩ ከተጀመረበት ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለንበት። ገቢን ብቻ ሳይሆን ጤናን፣ ትምህርትን፣ ለአደጋ መጋለጥንም ያያል። ስሙ ቢያስከፋም ጥቅም አለው፤ ከመሣሪያ በስተቀር ዕቃችን ያለ ቀረጥ አውሮፓ ይገባል።

ሦስተኛው፣ ፖስቶቹ የሚያወሩለት፣ የዓለም ባንክ የገቢ ደረጃ ነው። አገሪቱ በዓመት ያገኘችው ገቢ ወደ ዶላር ይመነዘርና ለሕዝቡ ቁጥር ይካፈላል። በሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ምደባ መስመሩ 1,145 ዶላር ነበር። ከዚያ በታች ወይም እኩል ከሆነ «ዝቅተኛ ገቢ»፣ አንድ ዶላር ካለፈ «ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ»። እኛ ከመስመሩ በታች ነበርን።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለቀላልነት የአንድ ሰው ገቢ በዓመት 100,000 ብር ነው እንበል። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 1,754 ዶላር ይሆናል፤ መካከለኛ ገቢ! በ114 ብር ሲመነዘር ግን 877 ዶላር፤ ዝቅተኛ ገቢ። ሰውየው ያው፣ ማሳው ያው፣ ማሽላው ያው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ብር ከ57 ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ያለፈው እንዲህ ነው።

ባንኩም ይህን ስለሚያውቅ «አትላስ» በሚባል ዘዴ የሦስት ዓመት ምንዛሬ አማካይ ይወስዳል፣ የዋጋ ንረትንም ያስተካክላል። ማስተካከያውን ትተን አማካዩን ብቻ ብናይ፣ በመጀመሪያው ዓመት 57፣ 57 እና 114 ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ 76 ብር ይመጣል። ሰውየው 1,316 ዶላር አለው፣ ገና ከመስመሩ በላይ ነው። በሁለተኛው ዓመት አማካዩ 95 ብር ይሆናል፤ 1,053 ዶላር፣ ወደቀ። ዘዴው ድንጋጤውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለተኛው ችግር የሚካፈልበት የሕዝብ ቁጥር ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። አካፋዩ ግምት ከሆነ ውጤቱም ግምት ነው፤ እኛ ግን በአንድ ዶላር ልዩነት ስም እንቀይራለን።

ሦስተኛው እዚሁ ደጃችን ያለው ወርቅ ነው። በአሶሳ ዞን በባህላዊ መንገድ የሚወጣው ወርቅ ለብሔራዊ ባንክ ሲሸጥ ይመዘገባል። በድንበር በኩል በድብቅ ከወጣ ግን የአገር ገቢ ውስጥ በትክክል አይገባም። እንደ ኩርሙክ ያለ የውጭ ኩባንያ ማዕድን ደግሞ ሌላ ነው። ምርቱ «የአገር ውስጥ ምርት» በሚባለው ውስጥ ይቆጠራል፣ ለባለቤቶቹ የሚደርሰው ትርፍ ግን ባንኩ ለምደባ ከሚጠቀምበት «ብሔራዊ ገቢ» ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን «ምርታችን አደገ» ሲል፣ ለኛ የቀረው ስንት እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

የቀረውም ቢሆን አማካይ ነው። የአዲስ አበባ ሕንፃ ባለቤትና የጾሬ ገበሬ ተደምረው ሲካፈሉ የሁለቱንም ኑሮ የማያሳይ ቁጥር ይወጣል። አገር መስመሩን ብታልፍ ጾሬ አለፈች ማለት አይደለም።

እና ወገኖቼ፣ «ድሃ ተባልን» ብለን አንናደድ፣ «መካከለኛ ሆንን» ብለንም አንጨፍር። እንዲህ ያለ ፖስት ስታዩ አራት ነገር ጠይቁ፦ የትኛው ዝርዝር? የየትኛው ዓመት? በስንት ምንዛሬ? ለስንት ሕዝብ ተካፍሎ? ከመንግሥት ደግሞ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ የዘገየው የሕዝብ ቆጠራ ይደረግ፤ ከክልላችን የሚወጣው ወርቅ ስንት እንደሆነና ከገቢው እዚህ የቀረው ስንት እንደሆነ በየዓመቱ ይነገረን። ራሱን ያልቆጠረ ሕዝብ ስሙን ሌላ ይሰይምለታል።