መስመሩ የት ይለፍ? ከፎቶግራፍ ወደ ወረቀት ቅድና ባለቀለም መስታወት

አልቤርቶ ኮርዳ የቼ ጉቬራን ፎቶግራፍ ሃቫና ላይ ያነሣው እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1960 ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ አየርላንዳዊው ሠዓሊ ጂም ፊትዝፓትሪክ ግራጫውን ሁሉ ጥሎ ፊቱን በጥቁርና በቀይ ብቻ አስቀረው፤ የቆቡን ኮከብ ቢጫ ቀባው። የቆዳው ልስላሴና የጥላው ስስነት ጠፍቷል። ሰውየው ግን ከመንገድ ማዶ ይለያል፤ ምኑ እንደሚቀርና ምኑ እንደሚጣል የወሰነው የሠዓሊው ዓይን ነበርና።

ኮምፒውተሩ ይህን ሥራ ሲረከብ ያ ውሳኔ ጎደለ።

በፎቶሾፕ ውስጥ `Stained Glass` የሚባለው ፊልተር ሥዕሉን በዘፈቀደ በተበተኑ ነጥቦች ዙሪያ ወደ ትናንሽ ባለማዕዘን ክፍሎች ይከፋፍላል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ቀለም ይይዛል፣ በመካከላቸውም ወፍራም መስመር ይሰመራል። ችግሩ መስመሩ የሥዕሉን ቅርጽ አለመከተሉ ነው፤ አንዱ ክፍል ግማሽ ዓይንና ግማሽ ቅንድብ ይዞ ሊቀር ይችላል። እውነተኛው የመስታወት ባለሙያ ግን ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘውን እርሳስ የሚያስኬደው በአገጭ፣ በትከሻና በልብስ ጠርዝ ላይ ነው። በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን መስታወቶች ቆም ብሎ ያየ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

`Cutout` የተባለው የወረቀት ቅድ ፊልተር ይሻላል። የቀለም ደረጃውን ከ2 እስከ 8 ያስመርጣል፣ ጠርዞችንም ያቃናል። ይሁን እንጂ ፊትና አንገት ምን እንደሆኑ አያውቅም። ጠይም ሰው ጥቁር ግድግዳ ፊት ቆሞ የተነሣውን ፎቶ በ4 ደረጃ ቢያሠሩት፣ የአገጩ ጥላ ከአንገቱ፣ አንገቱም ከግድግዳው ጋር ተዋሕዶ የፊቱ ቅርጽ ይጠፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተቀራራቢ ቀለሞች ወደ አንድ ደረጃ ወድቀዋል። የደረጃው ቁጥር ቢጨመር የአገጩ መስመር ላይመለስ ይችላል፤ በጉንጭና በግንባር ላይ ግን ትርጉም የሌላቸው ጠቃጠቆዎች ይበዛሉ።

የጎደለውን ዓይን ለመመለስ ከተደረጉት ሙከራዎች እጅግ ብልህ የሆነው የተመራማሪዎቹ የዳግ ዲካርሎና የአንቶኒ ሳንቴላ እ.ኤ.አ. የ2002 ሥራ ነው። ተመልካች ፎቶውን ሲያይ ዓይኑ የት የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ መዘገቡ። ዓይኑ ያረፈበት ቦታ ዝርዝሩን ይዞ ቆየ፣ ያላረፈበት ወደ ጥቂት ሰፋፊ ቅርጾች ተጠቃለለ። በዓመቱ ዴቪድ ሞልድ ለመስታወት ሥዕል ባዘጋጀው ስልት ደግሞ የክፍሎቹ ድንበር ከዘፈቀደ ነጥቦች ሳይሆን ከሥዕሉ ቅርጾች ተነሣ።

ሥዕሉ በእርግጥ ከአንድ ወረቀት በመቀስ የሚወጣ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከሌላው ጋር ያልተያያዘ ቁራጭ ይወድቃል። በጥቁር ጥላ ተከቦ የቀረ ነጭ የዓይን ቦታ በቀጭን ድልድይ ከጉንጩ ጋር መያያዝ አለበት።

ስለዚህ ፎቶውን ለፊልተር ከመስጠታችሁ በፊት የጀርባውን ግድግዳ አፍኩት፣ የአገጩን መስመርም በእጃችሁ አስምሩ። ውጤቱን በአውራ ጣት ጥፍር መጠን አሳንሳችሁ እዩት፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ቁጥሮቹን መነካካት ትታችሁ ወደ ፎቶው ተመለሱ።