«ለተሻለ ሕክምና ተልካለች» ከሚለው ባሻገር፦ የልብ ሕመም ስለተጠረጠረባት ሕፃን ከጤና ጣቢያ የሚጻፍ የሪፈራል ደብዳቤ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጤና መኮንን የሕፃን ደረት ሲያዳምጥ ከተለመዱት ሁለት የልብ ምቶች መካከል ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ በሙያችን አነጋገር «መርመር» የምንለውን ማለት ነው። ኢኮም ሆነ ኢሲጂ በእጁ የለም። ስለዚህ ሕፃኗን ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ በወረቀቱም ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው «መርመር አላት፤ ለተሻለ ምርመራና ሕክምና ተልካለች» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸውና አሁን በማስተምርባቸው ዓመታት ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ልዩ ሐኪሙ ራሱ ስቴቶስኮፑን አንሥቶ ሊያውቀው ከሚችለው በላይ ምንም አይነግረውም።

የዛሬ ነጥቤ ይህ ነው፦ ድምፁ ሆስፒታል ሲደርሱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይገኛል። በመንገድ ላይ የሚጠፋው ሌላው ነው። ደብዳቤው በዋናነት መያዝ ያለበትም የሚጠፋውን ነው።

በቅድሚያ ስለ ድምፁ ራሱ ጥቂት ልበል። መርመር ሁሉ ሕመም አይደለም። በጤናማ ሕፃናት ላይ የሚሰማው ጉዳት የሌለው ድምፅ ለስላሳና አጭር ነው፤ ልብ በሚጨመቅበት ጊዜ ብቻ ይሰማል፤ ብዙውን ጊዜ በደረት አጥንት ግራ ጠርዝ በታችኛው ክፍል ይገኛል፤ ሕፃኑ ተነሥቶ ሲቆምም ይቀንሳል። ትኩሳትና የደም ማነስም ተመሳሳይ ድምፅ ሊያሰሙ ይችላሉ። በአንጻሩ የጭምቀቱን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ፣ ወደ ብብት የሚሄድ፣ ወይም ልብ በሚላላበት ጊዜ የሚሰማ ድምፅ ጉዳት የለውም ተብሎ አይታለፍም። ስለዚህ «መርመር አላት» ከማለት ይልቅ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ፣ ወዴት እንደሚሄድና ሕፃኗ ስትቆም ምን እንደሚሆን መጻፍ የተራዋን አጣዳፊነት ይወስናል።

አሁን ለማስተማሪያ ያዘጋጀሁትን ደብዳቤ ላንብብላችሁ። ሕፃኗ ምናባዊ ናት፤ ሁኔታው ግን በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የሚያጋጥም ነው።

«ዕድሜ 9 ዓመት፣ ሴት፣ ክብደት 21 ኪሎ ግራም። ከ4 ወር በፊት የጉሮሮ ሕመም ነበራት። ከዚያ 3 ሳምንት ያህል ቆይቶ በመጀመሪያ ቀኝ ጉልበቷ፣ ቀጥሎ ግራ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነበር፤ ዲክሎፍናክ ተገዝቶላት በ2 ቀን ለቀቃት። ላለፉት 3 ወራት ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ካለፉት 2 ሳምንታት ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሁለት ጊዜ ታርፋለች፤ ሌሊትም ተደግፋ ትተኛለች። ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፦ የልብ ምት በደቂቃ 124፣ ትንፋሽ 34፣ ሙቀት 36.8፣ የደም ግፊት 95/60፣ ኦክስጅን 96 በመቶ፣ ሄሞግሎቢን 11.8። በልብ ጫፍ ላይ የጭምቀቱን ጊዜ በሙሉ የሚሞላ፣ ከ6 ደረጃዎች 3ኛ ሊባል የሚችል፣ ወደ ግራ ብብት የሚሄድ፣ ስትቆም የማይጠፋ ድምፅ አለ። ልብ በሚላላበት ጊዜ የሚሰማ ድምፅ አዳምጬ አላገኘሁም። ጉበቷ ከጎድን አጥንት በታች 3 ሣንቲ ሜትር ይዳሰሳል። የብሽሽት የደም ሥር ምት ከክንዷ ጋር እኩል ነው። ፉሮሴማይድ 20 ሚሊ ግራም በአፍ ተሰጥቷል፤ 5 ሰዓት ላይ ትንፋሿ 28 ሆኗል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አልተሰጠም። የምንጠይቀው፦ የሚትራል ቫልቭ ፍሳሽ መኖሩና መጠኑ በኢኮ እንዲታይ፤ የሩማቲክ ትኩሳቱ አሁንም ንቁ መሆኑ እንዲጣራ፤ ፔኒሲሊን በምን መልክ እንደሚሰጣት እንዲወሰን።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት ቦታዎችን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው መገጣጠሚያዋ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወር እብጠት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ሲመጣ ሩማቲክ ትኩሳትን በጥብቅ ያስጠረጥራል። ይሁን እንጂ እንደ ዲክሎፍናክ ያሉ መድኃኒቶች ያንን እብጠት በፍጥነት ያጠፉታል። ልዩ ሐኪሙ ጉልበቷን ሲያይ ጤናማ ነው። እናቲቱም በሆስፒታሉ ግርግር መካከል ስለ ልጃቸው ልብ እንጂ ስለ ጉልበቷ ላያነሡ ይችላሉ። መድኃኒቱ በስሙ ካልተጻፈ ሕመሙ በራሱ ጊዜ በ2 ቀን ያለፈ ቀላል ነገር ይመስላል።

ሁለተኛው ትንፋሿ ነው። ፉሮሴማይድ ከሰውነቷ ውኃ ስለሚያወጣ ሆስፒታል የምትደርሰው ሕፃን ከጤና ጣቢያ የወጣችው ሕፃን አይደለችም። በማግስቱ ተረጋግታ የተቀመጠች ልጅ ያየ ሐኪም ቀጠሮ ሰጥቶ ሊመልሳት ይችላል። ከመድኃኒቱ በፊት የተለካው 34 እና ከመድኃኒቱ በኋላ የተለካው 28 ከነሰዓታቸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የልብ ድካም መኖሩን፣ ለሕክምናውም ምላሽ መስጠቷን ያስረዳሉ።

ሦስተኛው ያልተሰጠው መድኃኒት ነው። ሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመለስ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ መስጠት የተለመደና የተሻለው መንገድ ነው፤ ለአብዛኞቹ ሕሙማንም እንደዚያው ይቀጥላል። ሆኖም ከባድ የቫልቭ ጉዳትና የልብ ድካም ያለባቸው ጥቂት ሕሙማን ከመርፌው በኋላ ወዲያው ሕይወታቸው ያለፈባቸው ሁኔታዎች ተመዝግበዋል፤ መንስኤው አለርጂ ሳይሆን ልባቸው ድንጋጤውን መቋቋም አለመቻሉ ሊሆን እንደሚችል ይታሰባል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ለእንደነዚህ ያሉ ሕሙማን በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ አሳስቧል። «አልተሰጠም» የሚለው ቃል ካልተጻፈ ሆስፒታሉ በጤና ጣቢያ ተወግታለች ብሎ ያልፋል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ሆስፒታሉ ይወጋታል ብሎ ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ሕፃኗ ያለ መከላከያ ትቀራለች።

ከዚህ ጋር አንድ ልዩነት ልብ በሉልኝ። «አዳምጬ አላገኘሁም» እና ባዶ የተተወ መስመር አንድ አይደሉም። ባዶው መስመር ድምፁ አልነበረም ወይስ አልተፈለገም የሚለውን አይለይም። እንዲሁም ጤና መኮንኑ «የሩማቲክ የልብ ሕመም» ብሎ ፍርድ አልጻፈም፤ ያየውን በአንድ በኩል፣ የሚጠይቀውን በሌላ በኩል አስቀምጧል። ሕመሙ ከውልደት ጀምሮ የነበረ የቫልቭ ችግር ሊሆንም ይችላልና፣ ያልተረጋገጠ ስም ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተገለበጠ እንደ እውነት እንዳይቀመጥ ይህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ደብዳቤው የማይችለውም አለ። ድምፁ ምን ያህል እንደሚጎላና የቫልቩ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም፤ ያንን የሚለካው ኢኮ ነው። መልሱም ወደ ጤና ጣቢያው ካልተመለሰ ሥራው ግማሽ ይቀራል። ፔኒሲሊኑን ለዓመታት በየወሩ የሚከታተለው ከመንደሯ አጠገብ ያለው ጤና መኮንን እንጂ የሆስፒታሉ ሐኪም አይደለምና። ስለዚህ በሪፈራል ቅጹ ላይ ለመልስ የተተወውን ክፍል የሆስፒታል ተለማማጅ የምትሆኑ ተማሪዎች ሦስት ነገር ጻፉበት፦ ኢኮው ያሳየውን፣ የታዘዘውን መድኃኒት ከነመጠኑና ከነመንገዱ፣ እንዲሁም ቀጣዩን ቀጠሮ። ወረቀቱንም በእናቲቱ እጅ ስጡ።